ውድቅ ለተደረገ የሕክምና ወጪ ከፖሊሲው ቃል የሚነሣ አቤቱታ

የቡድን የሕክምና መድን አሠሪው ከመድን ሰጪ ኩባንያ ጋር የሚዋዋለው፣ አረቦኑን ማለትም ለሽፋኑ የሚከፈለውን ዋጋ በአብዛኛው እርሱ የሚከፍለው፣ ጥቅሙ ግን ለሠራተኛውና አንዳንዴም ለቤተሰቡ የሚደርስ ውል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ቢሾፍቱ፣ ፋብሪካው፣ የአበባ እርሻው፣ የዶሮ እርባታውና የሐይቅ ዳር ሆቴሉ ብዙ ደመወዝተኛ በያዙባት ከተማ፣ እንዲህ ያለው ሽፋን የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። ኩባንያው ውል ወደ ገባበት ሆስፒታል የሄደ ሠራተኛ መታወቂያውን አሳይቶ በዱቤ ይታከማል፤ ሌላ ቦታ የታከመ ደግሞ ከኪሱ ከፍሎ፣ ደረሰኙን አያይዞ፣ ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ውዝግቡ የሚበዛው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ላይ ሲሆን፣ ይህ ዳሰሳም የሚመለከተው ጥያቄው ውድቅ ከተደረገ በኋላ ለመድን ሰጪው የሚጻፈው አቤቱታ ከየት መነሣትና በምን ላይ መቆም እንዳለበት ነው።

ከእንዲህ ዓይነት አቤቱታዎች ብዙዎቹ የሚወድቁት ጉዳያቸው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን የተሳሳተ ቋንቋ ስለሚናገሩ ነው። ጸሐፊው የቤተሰቡን ችግር፣ ያገለገለበትን ዘመን፣ አሠሪው ለዓመታት የከፈለውን አረቦን ይዘረዝራል፤ ደብዳቤው የሚደርሰው የካሳ ክፍል ባለሙያ ግን አዝኖ የመክፈል ሥልጣን የለውም፤ መክፈል የሚችለው በፋይሉ ላይ ሊጠቅሰው የሚችል አንቀጽ ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ የአቤቱታው ሥራ ባለሙያውን ማሳዘን ሳይሆን፣ ክፍያውን ሲፈቅድ ለአለቃው የሚያሳየውን አንቀጽ ከራሱ ከኩባንያው ፖሊሲ አውጥቶ በእጁ ማስያዝ ነው።

ለዚህ አካሄድ የሕግ መሠረት የሚሆኑት ሁለቱ የ1952 ዓ.ም. ሕጎች ናቸው። የንግድ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በከፊል ቢተካም፣ ከቁጥር 654 ጀምሮ ያለው የመድን ክፍል ከተሻሩት መጻሕፍት ውስጥ ስላልሆነ ዛሬም ይሠራል። ፖሊሲው ውል በመሆኑ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል አተረጓጎም ደንቦች ይገዙታል፤ እነዚህም ደንቦች የሚሠሩበት ቅደም ተከተል አላቸው። በቁጥር 1733 መሠረት የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው እንኳ ከዚያ ወጥቶ የተዋዋዮቹን ሐሳብ በትርጉም ሊፈልግ አይችልም፤ ቃሉ የሚያሻማ ሲሆን ብቻ የጋራ ሐሳባቸው ይፈለጋል፤ አንዱ አንቀጽ በሌላው እየተብራራ ውሉ እንደ አንድ ሙሉ ሰነድ ይነበባል፤ ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥርጣሬው ካልጠራ፣ አንደኛው ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው ቃል በአዘጋጁ ላይ ይተረጎማል። የመጨረሻው ደንብ ከሮማ ሕግ የመጣ ሲሆን በብዙ አገሮች የመድን ክርክር የታወቀ መሣሪያ ነው። አቤት ባዮች ግን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እርሱን አስቀድመው በመምዘዝ ነው፤ ግልጽ የሆነን ቃል «ያሻማል» ብሎ መነሣት ቀሪውን ክርክር ሁሉ ተአማኒነት ያሳጣዋል።

ከክርክሩ በፊት ሰነዱን ማግኘት ያስፈልጋል፤ በተግባር ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። ሠራተኛው የሚያውቀው የታካሚነት መታወቂያውንና ምናልባት በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈ አንድ ገጽ ማብራሪያን ሲሆን፣ ዋናው ፖሊሲ በአሠሪው የሰው ኃይል አስተዳደር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ በዚያ ላይ በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሠራተኛ መብቱ በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ፣ በማያየው መደርደሪያ ላይ መቀመጡ በራሱ ሌላ ጽሑፍ የሚያሻው ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1686 የአንድ ወገን አጠቃላይ የሥራ ደንቦች ሌላውን የሚያስገድዱት ሲያውቃቸውና ሲቀበላቸው ነው ቢልም፣ የቡድን መድን ተዋዋይ አሠሪው እንጂ ሠራተኛው ስላልሆነ፣ «እኔ አላየሁትም» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ርቀት አይወስድም። የሚጠቅመው ለአሠሪው በጽሑፍ አመልክቶ የፖሊሲውን ሙሉ ቅጂ መውሰድ ነው፤ ሙሉ የሚባለውም አጠቃላይ ውሉን፣ የገንዘብ ጣሪያዎቹ የሰፈሩበትን ሠንጠረዥና በየዓመቱ እድሳት ላይ የሚጨመሩትን ማሻሻያ ተቀጽላዎች ሲይዝ ነው። ተቀጽላ ያልተያያዘበት ፖሊሲ ተነብቦ የተጻፈ አቤቱታ ባለፈው ዓመት በተለወጠ አንቀጽ ላይ ቆሞ ሊገኝ ይችላል።

ሰነዱ ከተገኘ በኋላ ውድቅ ያደረገው ደብዳቤ የጠቀሰው ምክንያት በፖሊሲው ውስጥ ከየትኛው ዓይነት አንቀጽ እንደሚመደብ መለየት ይገባል። አንዳንዱ አንቀጽ ሽፋኑን ይሰጣል፤ አንዳንዱ ከተሰጠው ላይ የማይሸፈነውን ይቀንሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ማሳወቂያ ጊዜና እንደ ዋና ደረሰኝ ያሉ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል። ልዩነቱ ከአከፋፈል በላይ የሆነ ውጤት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ወገን የግዴታውን መኖር ያስረዳል፤ ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ደግሞ ያንን የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል። በዚህ መንፈስ ሠራተኛው ሕመሙና ወጪው ሽፋን በሚሰጠው አንቀጽ ውስጥ እንደሚወድቅ ካሳየ፣ ወጪው ከማይሸፈኑት ነው የሚለው መድን ሰጪ ለምን እንደሆነ ማሳየት አለበት። ውድቅ ያደረገው ደብዳቤ የአንቀጽ ቁጥር ካልጠቀሰ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ክርክር ሳይሆን ጥያቄ መሆን ይገባዋል፤ «ጥያቄው ውድቅ የተደረገው በየትኛው የፖሊሲው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ገቢ ሆኖ ቁጥርና ቀን ከተሰጠው፣ ከሁለት ገጽ ምሬት የበለጠ ይሠራል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት፣ ለማብራሪያ የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፖሊሲው ለተኝቶ ሕክምና በሰው በዓመት እስከ 60,000 ብር፣ ለአልጋ በቀን እስከ 1,000 ብር ይሸፍናል። ውል በሌለው ተቋም የተደረገ ሕክምና «ከድንገተኛ ሕመም በስተቀር» አይሸፈንም ይላል፤ ድንገተኛ ሕመምንም «ድንገት የተከሰተና ወዲያውኑ ሕክምና ካላገኘ ለሕይወት ወይም ለአካል የሚያሰጋ» ብሎ ይተረጉማል። የተመላሽ ጥያቄ «ሕክምናው ከተጠናቀቀበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ» እንዲቀርብም ያዛል። አንድ የቢሾፍቱ ፋብሪካ ሠራተኛ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በከባድ የሆድ ሕመም በአቅራቢያው ወዳለ፣ ውል ወደሌለው የግል ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ትርፍ አንጀቱ መቆጣቱ በአልትራሳውንድ ታይቶ ሊነጋጋ ሲል ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ሦስት ሌሊት ተኝቶ ሐምሌ 3 ቀን ይወጣል፤ ሐምሌ 11 ቀን ተመልሶ የቁስሉ ስፌት ይወጣለታል። ጥያቄውን የሚያቀርበው ነሐሴ 5 ቀን ነው። ወጪው ለቀዶ ሕክምናና ለማደንዘዣ 22,000፣ ለአልጋ 4,500፣ ለመድኃኒትና ለሕክምና ዕቃ 6,200፣ ለላቦራቶሪና ለአልትራሳውንድ 3,800፣ ለስፌት ማውጣት 1,200፣ ለአስታማሚ ምግብ 800፣ በጠቅላላው 38,500 ብር ይሆናል። ኩባንያው ሕክምናው ውል በሌለው ተቋም የተደረገ መሆኑንና ጥያቄው ዘግይቶ መቅረቡን ጠቅሶ ውድቅ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ምክንያት የፖሊሲውን አንቀጽ ግማሹን ብቻ አንብቧል፤ «ከድንገተኛ ሕመም በስተቀር» የሚሉት ቃላት በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉ ናቸው። ስለዚህ አቤቱታው ተቋሙ ውል እንደሌለው አምኖ መነሣትና ጭብጡን ወደ ድንገተኛነቱ ማዞር አለበት። ማስረጃው «ታሟል፣ ዕረፍት ይሰጠው» የሚለው የተለመደው የሕክምና ወረቀት አይደለም፤ ያ ለአሠሪው እንጂ ለመድን ሰጪው አይበቃም። የሚያስፈልገው የትርጓሜውን ሁለት ክፍሎች፣ ድንገት መከሰቱንና ወዲያው ካልታከመ የሚያሰጋ መሆኑን፣ የሚመልስ ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም የገባበት ሰዓት የሰፈረበት የድንገተኛ ክፍል ካርድ፣ የአልትራሳውንዱ ውጤት፣ ቀዶ ሕክምናው የተጀመረበት ሰዓት የተጻፈበት መዝገብና ሐኪሙ ቢዘገይ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ይችል እንደነበር የገለጸበት የመውጫ ማጠቃለያ ነው። ሐኪም ስለ ፖሊሲው ስለማያውቅ ትርጓሜው ተነብቦለት በሙያው እውነት የሆነውን እንዲጽፍ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ያላየውን እንዲጽፍ መጠየቅ ግን ሐሰተኛ ማስረጃ ማዘጋጀት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በቀን ቆጠራ የሚፈታ ነው። ከሐምሌ 3 እስከ ነሐሴ 5 ቢቆጠር 32 ቀን ስለሚሆን ኩባንያው ዘግይቷል ማለቱ መሠረት ያለው ይመስላል፤ ፖሊሲው ግን የሚለው «ከሆስፒታል ከወጣበት» ሳይሆን «ሕክምናው ከተጠናቀቀበት» ቀን ነው። ስፌቱ ሳይወጣ የቀዶ ሕክምና ክትትል አልተጠናቀቀም፤ ከሐምሌ 11 ሲቆጠር ደግሞ ጥያቄው የቀረበው በ24ኛው ቀን ነው። ኩባንያው «ሕክምናው» ማለት ተኝቶ መታከሙ ብቻ ነው ቢል እንኳ፣ ቃሉ ለሁለቱም ትርጉም ክፍት መሆኑን በራሱ አንደበት ስለሚያረጋግጥ፣ አዘጋጁ ላይ የሚተረጎምበት ደንብ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ፖሊሲው «ከሆስፒታል ከወጣበት ቀን» ብሎ ቢሆን ኖሮ ይኸው ሠራተኛ ለመዘግየቱ ሌላ በቂ ምክንያት ካላቀረበ በሁለት ቀን ይሸነፍ ነበር፤ ሙሉው ውዝግብ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ለአቤት ባዩ አይጥምም፤ ከራሱ ጥያቄ ላይ መቀነስ ነው። የአስታማሚ ምግብ ሕክምና ስላልሆነ 800 ብሩ ይወጣል፤ የአልጋው ጣሪያ በቀን 1,000 ስለሆነ ከ4,500 ላይ 1,500 ይቀነሳል፤ የሚጠየቀው 36,200 ብር ይሆናል። በፖሊሲው የማይገባውን አስቀድሞ የተወ አቤቱታ ፖሊሲውን ያነበበ ሰው እንደጻፈው ባለሙያው ወዲያው ያውቃል፤ 38,500 ብሎ የሙጥኝ ያለ ደብዳቤ ግን ለኩባንያው ቀላል መልስ ያመቻቻል፣ ትክክል በሆነው ላይ ሳይሆን ትክክል ባልሆነው 2,300 ብር ላይ እንዲከራከር ይጋብዘዋል። የደብዳቤው አካል እንግዲህ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፤ «በፖሊሲው ውል በሌላቸው ተቋማት ላይ የተቀመጠው ገደብ ድንገተኛ ሕመምን በግልጽ ያስቀራል። በአባሪ 2 የተያያዘው የድንገተኛ ክፍል ካርድ ታካሚው ከሌሊቱ 8 ሰዓት መግባቱን፣ አባሪ 4 ቀዶ ሕክምናው በዚያው ሌሊት መደረጉን ያሳያሉ። የጊዜ ገደቡ የሚቆጠረው ሕክምናው ከተጠናቀቀበት ቀን በመሆኑም፣ ስፌቱ ከወጣበት ከሐምሌ 11 ሲቆጠር ጥያቄው የቀረበው በ24ኛው ቀን ነው። በሠንጠረዡ ጣሪያ መሠረት ተሰልቶ 36,200 ብር እንዲከፈል እንጠይቃለን።» ከዚህ በላይ ማስረዘም አያስፈልግም።

በቢሾፍቱና በአካባቢዋ ጥሩ አቤቱታን ከሚያሰናክሉት ነገሮች ሁለቱ የሕግ ጉዳዮች አይደሉም። አንደኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። የሆስፒታሉ ካርድ በኢትዮጵያ ዘመንና ሰዓት ሲጻፍ፣ ፖሊሲውና የኩባንያው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሄዳሉ። በምሳሌው ላይ የሠራተኛው ቤተሰብ «ሰኔ 30 ሌሊት» የሚለው 8 ሰዓት በኩባንያው መዝገብ ጁላይ 8 ቀን 2024 ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ነው፤ የፖሊሲው ዓመት የሚታደሰው በዚያው በጁላይ 8 ከሆነ፣ ሕመሙ ያረፈው በአዲሱ ዓመት ጣሪያ ውስጥ እንጂ ተሟጥጦ ሊሆን በሚችለው በአሮጌው ውስጥ አይደለም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሁለተኛው ስም ነው፤ ጫልቱ የምትባል ሠራተኛ በቁቤ በተጻፈው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ በአንድ ፊደል የሚጀምረው ስሟ በእንግሊዝኛ በተጻፈው የመድን ካርዷ ላይ በሁለት ፊደል ይጀምርና፣ ደረሰኙ ላይ ደግሞ ገንዘብ ያዡ እንደሰማው ይጻፋል፤ ፋይሉ ላይ «የስም ልዩነት» የሚል ማስታወሻ ሲሰፍር ጉዳዩ ይቆማል። ከአሠሪው ሦስቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ከመጀመሪያው መያያዝ አለበት። በሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚታተመው ደረሰኝም ሙቀት በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ስለሆነ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ በተሰጠበት ቀን ፎቶ ኮፒ ካልተደረገ አቤቱታው ሲታይ ባዶ ወረቀት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ነባር ሕመም ማለትም ከሽፋኑ በፊት የነበረ ሕመም ነው ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ፖሊሲው ነባርን እንዴት እንደተረጎመው ወሳኝ ነው፤ ሕመሙ በሰውነት ውስጥ መኖሩ ይበቃል ወይስ ታካሚው ያወቀው ወይም የታከመለት መሆን አለበት? ለምሳሌ የስኳር ሕመም ሳይታወቅ ለዓመታት ሊኖር ስለሚችል፣ ፖሊሲው «የታወቀ ወይም የታከመ» ካለ የመጀመሪያው ምርመራ ቀን የተጻፈበት ካርድ ክርክሩን ሊዘጋው ይችላል። ኩባንያው ሠራተኛው ሕመሙን ደብቋል ብሎ ከመጣ ግን ጉዳዩ ከፖሊሲው አልፎ ወደ ንግድ ሕጉ ይሻገራል፤ ሕጉም በቁጥር 668 ሆን ተብሎ የተደረገን መደበቅና ሳይታወቅ የቀረን መግለጫ በአንድ ዓይን አያይም። ሌላ ብዙ የሚታይ ምክንያት ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ነው የሚለው ነው። ፖሊሲው የሥራ ላይ ጉዳትን በግልጽ ካስቀረ ከመድን ሰጪው ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምና ወጪ ኃላፊው አሠሪው ስለሆነ ደብዳቤው መጻፍ ያለበት ለእርሱ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ከዚህ ጋር መቀላቀል አይገባም። ያ ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት የኦሮሚያ ወረዳዎች አንዱ ከቢሾፍቱ ብዙም የማይርቀው ግምቢቹ ነበር። አባሉ መብቱን የሚያገኘው ከመንግሥት ደንብና መመሪያ እንጂ ከንግድ ፖሊሲ ስላልሆነ፣ ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈራል መሄድን የመሰለው ሥርዓት ሲጣስ የሚቀርበው አቤቱታም በአዘጋጁ ላይ ይተርጎም በሚለው የውል ደንብ ላይ ሊቆም አይችልም።

አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለራሱ ለመድን ሰጪው ሲሆን፣ አሠሪው ተዋዋይ ስለሆነ በእርሱ ሽኚ ደብዳቤ ቢሄድ ክብደቱ ይጨምራል፤ አረቦኑን የሚያድሰው እርሱ መሆኑን ኩባንያው አይዘነጋም። መድን ሰጪዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ተቋማቱ የቅሬታ ማስተናገጃ ሥርዓት እንዲኖራቸው ስላዘዘ፣ በካሳ ክፍሉ ያልተፈታ ጉዳይ ወደዚያው የቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ተቆጣጣሪው ሊሄድ ይችላል። አሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የጤና ሽፋን ሕግ ታካሚው ለኩባንያው በ180 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብሎ ካልረካ ከኩባንያው ውጭ ያለ ገለልተኛ ሐኪም ጉዳዩን እንዲያይለት ያስችላል፤ የቢሾፍቱው ሠራተኛ በኩባንያውና በፍርድ ቤቱ መካከል እንዲህ ያለ ሐኪም ስለማይጠብቀው የሐኪሙ ማስረጃ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር ተሟልቶ መቅረቡ እጥፍ ዋጋ አለው። ፖሊሲው የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለው ደግሞ አንቀጹ የሚመለከተው የገንዘቡን መጠን ብቻ ነው ወይስ የመክፈል ኃላፊነቱንም ጭምር የሚለው ከክስ በፊት መነበብ አለበት።

መጨረሻ ላይ የሚላከው ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ መሆኑን በግልጽ መናገር ይገባዋል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለዕዳው ግዴታውን ባለመፈጸሙ ለመጠየቅ ማስጠንቀቂያ በመርሕ ደረጃ አስፈላጊ ሲሆን፣ በገንዘብ ዕዳ መዘግየት የሚታሰበው ሕጋዊ ወለድም በዓመት 9 በመቶ ነው። መልስ እየጠበቁ መጻጻፍ ግን ጊዜውን ያቆመዋል ብሎ መተማመን አይገባም። በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ሰኔ 30 ቀን 2016 ሌሊት ሆስፒታል የገባው ሠራተኛ ክሱን ሳይመሠርት ሰኔ 2018 ካለቀበት፣ 36,200 ብሩን የቱንም ያህል ጥሩ አንቀጽ ጠቅሶ አያገኘውም።